የፍሎው ሜትር ፍተሻ በሚዛን ታንክ፦ ስለ ሰዓት አያያዝና ስለ ዳይቨርተር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍሎው ሜትር በሚዛን ታንክ የሚፈትሽ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሚዛኑ ነው። እውነት ለመናገር ሚዛኑ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ስታንዳርድ ክብደት ትጭኑበታላችሁ፣ ታነባላችሁ፣ ትክክል መሆን አለመሆኑን ታውቃላችሁ። አስቸጋሪው ስህተት ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ውሃው ወደ ታንኩ በሚዞርበትና ከታንኩ በሚመለስበት ቅጽበት። ያ ቅጽበት ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሆኖም ጥሩን ሜትር መጥፎ፣ መጥፎውን ደግሞ ጥሩ የሚያስመስለው እሱ ነው። ስለዚህ እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው በዚያ ቅጽበት ዙሪያ ያሉ ናቸው።

ነገሩ እንዳይበታተን ሁሉንም በአንድ መፈተሻ ላይ እናያለን። ሜትሩ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮማግኔቲክ ነው። ፍሰቱ በሰከንድ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ይህም በሰዓት 18 ሜትር ኩብ አካባቢ ማለት ነው። ታንኩ 500 ኪሎ ይይዛል። ዳይቨርተሩን የሚያንቀሳቅሰው በአየር ግፊት የሚሠራ ሲሊንደር ነው። እንዲህ ባለ መፈተሻ ላይ ብዙ ቀን አሳልፌያለሁ፤ ችግሩንም ያወቅኩት እዚያው ነው።

ዘዴው በአጭሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

ውሃው በሜትሩ ውስጥ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ከሜትሩ አልፎ በጠባብ ኖዝል ይወጣና ዳይቨርተሩ ላይ ያርፋል። ዳይቨርተር ማለት የውሃውን አቅጣጫ የሚቀይር ምላስ ነው። በአንድ በኩል ሲሆን ውሃው ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፣ በሌላ በኩል ሲሆን ወደ ሚዛን ታንኩ ይገባል።

መጀመሪያ ፍሰቱ እስኪረጋጋ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ የታንኩን ክብደት ታነባላችሁ። ዳይቨርተሩ ወደ ታንኩ ሲዞር አንድ ሴንሰር ሰዓቱንና የሜትሩን ፐልስ ቆጣሪ አብሮ ያስጀምራል። ታንኩ እስከሚፈለገው ድረስ ሲሞላ ዳይቨርተሩ ይመለሳል፣ ሰዓቱና ቆጣሪውም አብረው ይቆማሉ። ውሃው በታንኩ ውስጥ ሲረጋ ክብደቱን እንደገና ታነባላችሁ። ሁለተኛው ንባብ ሲቀነስ አንደኛው፣ የገባው ውሃ ነው። እሱን ሜትሩ ከቆጠረው ጋር ታነጻጽራላችሁ።

ከ1980 ጀምሮ ይህን ዘዴ በዝርዝር የሚገልጽ አይኤስኦ 4185 የሚባል ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ አለ። ከዚህ በታች የምገልጸው የዳይቨርተር መፈተኛ ሐሳብም እዚያ ውስጥ ይገኛል።

ዳይቨርተር ለምን አስፈለገ? ቫልቭ ከፍቶ መዝጋት አይበቃም?

ቫልቭ ስትከፍቱ ፍሰቱ ከዜሮ ተነስቶ ቀስ እያለ 5 ኪሎ ይደርሳል። ስትዘጉ ደግሞ እንደገና ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሜትሩ በእነዚህ መካከል ባሉት ዝቅተኛ ፍሰቶች ሁሉ ውስጥ ያልፋል፣ በዝቅተኛ ፍሰት ላይ ደግሞ ብዙ ሜትሮች አይታመኑም። መጨረሻ ላይ የምታገኙት ውጤት የ5 ኪሎው ብቻ ሳይሆን የሁሉም ድብልቅ ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ሊትር ለመለካት ለተሠራ ሜትር ይህ አካሄድ ተገቢ ሊሆን ይችላል። በአንድ የተወሰነ ፍሰት ላይ ያለውን ስህተት ማወቅ ለፈለገ ሰው ግን አይሆንም።

በዳይቨርተር ሲሆን ሜትሩ ምንም ለውጥ አያይም፣ ወይም ማየት የለበትም። ውሃው ያለማቋረጥ ይፈሳል፤ የሚቀየረው መድረሻው ብቻ ነው። ጥቅሙ ይህ ነው። ዋጋው ደግሞ የሚቀጥለው ጥያቄ ነው።

ዳይቨርተሩ እንዴት ስህተት ያመጣል?

ምላሱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በቅጽበት አይዘልም። ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የውሃው ከፊሉ ወደ ታንኩ፣ ከፊሉ ወደ ማጠራቀሚያው ይሄዳል። ይህ በራሱ ችግር አይደለም። ሲዞር የጎደለው ሲመለስ ከተተካ ሒሳቡ ይዘጋል። ችግሩ ሁለቱ እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው።

በእኛ መፈተሻ ላይ የነበረውን ልንገራችሁ። ሴንሰሮቹ የተቀመጡት በምላሱ ጉዞ ሁለት ጫፎች ላይ ነበር። ምላሱ ከአንደኛው ጫፍ ሲነሳ ሰዓቱ ይጀምራል። ከሌላኛው ጫፍ ሲነሳ ሰዓቱ ይቆማል። ወደ ታንኩ ሲሄድ ከተነሳበት የውሃው መሃል እስኪደርስ 90 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሲመለስ ግን 130 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአየር ሲሊንደር በአንድ በኩል ዘንጉ አለ። ዘንጉ ያለበት በኩል አየሩ የሚገፋው ፒስተን ስፋቱ ያንሳል፣ ስለዚህ ኃይሉም ያንሳል። በተመሳሳይ የአየር ግፊት ሲሊንደሩ ሲገፋ ይፈጥናል፣ ሲስብ ይዘገያል።

እስቲ ውጤቱን እንየው። ሰዓቱ ከጀመረ በኋላ ውሃው በ90 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ታንኩ ውስጥ ይገባል። ሰዓቱ ከቆመ በኋላ ደግሞ ለ130 ሚሊ ሰከንድ መግባቱን ይቀጥላል። ልዩነቱ 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ማለትም ውሃው ታንኩ ውስጥ የገባው ሰዓቱ ከሚለው በ40 ሚሊ ሰከንድ ለበለጠ ጊዜ ነው። በሰከንድ 5 ኪሎ ሲፈስ ይህ 200 ግራም ነው። በእያንዳንዱ ሙሌት ሜትሩ ያልቆጠረው 200 ግራም ውሃ ታንኩ ውስጥ አለ ማለት ነው። ሙሌቱ አጭር ይሁን ረጅም፣ 200 ግራሙ አይቀየርም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ስህተቱን የምንይዘው በእሷ ነው።

ሴንሰሩን የት ላስቀምጠው?

ምላሱ ውሃውን እኩል ለሁለት በሚከፍልበት ቦታ ላይ። አንድ ሴንሰር ብቻ፣ ለመጀመርም ለማቆምም። እዚያ ከሆነ ፍጥነቱ በሁለቱ አቅጣጫ ቢለያይም ብዙ አይጎዳችሁም። ከመሃሉ በፊት የጎደለው ከመሃሉ በኋላ በገባው ይካካሳል።

ግን መሃሉን ማግኘት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የኖዝሉ መሃልና የውሃው መሃል አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ከኖዝሉ በፊት ክርን ካለ፣ ውሃው በአንድ በኩል ይበረታል። ክፍፍሉም ፍሰቱ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ በዝቅተኛ ፍሰት የተስተካከለ ሴንሰር በከፍተኛው ላይ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ሴንሰሩ ትንሽ ቢዛባ ሲሄድና ሲመጣ ይጣፋል» ይባላል። ምላሱ ሄዶ በዚያው መንገድ ሲመለስ አይጣፋም፣ እንዲያውም ይደመራል። ሴንሰሩ ከውሃው መሃል በፊት 10 ሚሊ ሜትር ላይ ነው እንበል፣ ምላሱ ደግሞ በሰከንድ 1 ሜትር ይሄዳል። ሲሄድ ሴንሰሩን ቀድሞ ያገኛል፤ ሰዓቱ በ10 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ይነሳል። ሲመለስ መጀመሪያ የሚያገኘው ውሃውን ነው፣ ከዚያ ሴንሰሩን፤ ሰዓቱ በ10 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይቆማል። ድምሩ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ሰዓቱ ከውሃው በላይ ቆጥሯል።

በእርግጥ የሚጣፋው ምላሱ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍ ነው። በዚያ አሠራር ሁለቱም ቅጽበቶች እኩል ይቀድማሉ ወይም እኩል ይዘገያሉ። የአሜሪካው የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም ኒስት በውሃ ፍሰት ስታንዳርዱ ላይ እንዲህ ያለ ባለ አንድ አቅጣጫ ዳይቨርተር ተጠቅሟል። አዲስ መፈተሻ ለሚሠራ ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነው። ያለውን መፈተሻ ለሚጠቀም ግን የሚበጀው ስህተቱን ለክቶ ማወቅ ነው።

የዳይቨርተሩን ስህተት በቁጥር እንዴት ነው የማውቀው?

ያችን የማትቀየር 200 ግራም እንጠቀምባታለን። አንድ ረጅም ሙሌት አድርጉ። ከዚያ ተመሳሳይ ጠቅላላ ጊዜ በብዙ አጫጭር ሙሌቶች ከፋፍላችሁ ድገሙት። በረጅሙ ውስጥ ስህተቱ የሚገባው አንድ ጊዜ ነው። በአጫጭሮቹ ውስጥ ግን በቁጥራቸው ልክ ይገባል።

በእኛ መፈተሻ ላይ ረጅሙ 60 ሰከንድ ነበር። ሚዛኑ 300.20 ኪሎ ጨመረ። ከዚያ እያንዳንዳቸው 6 ሰከንድ የሆኑ 10 ሙሌቶች አደረግን። በመካከል ታንኩን አላፈሰስንም፤ ሚዛኑንም ያነበብነው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ጠቅላላ ጊዜው ያው 60 ሰከንድ ሆኖ ሚዛኑ 302.00 ኪሎ ጨመረ። ያው ፍሰት፣ ያው ጊዜ፣ ግን 1.8 ኪሎ ልዩነት! ይህ ልዩነት የመጣው ከ9 ተጨማሪ ሙሌቶች ነው። ለ9 ሲካፈል 200 ግራም ይሆናል።

በቀመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
δ = T / (n − 1) × (R − 1)
```

እዚህ `δ` በእያንዳንዱ ሙሌት ዳይቨርተሩ የሚያመጣው የጊዜ ስህተት ነው፣ `T` ጠቅላላው ጊዜ ነው፣ `n` የአጫጭር ሙሌቶቹ ቁጥር ነው፣ `R` ደግሞ በአጫጭሮቹ የተገኘው ፍሰት በረጅሙ ለተገኘው ሲካፈል ነው። በእኛ ቁጥር `R` 1.0060 ነው፤ `δ` 0.040 ሰከንድ ይሆናል። ምልክቱ አዎንታዊ ስለሆነ ውሃው ከሰዓቱ በላይ ቆይቷል ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በሁለቱ ሙከራዎች መካከል ፓምፑ ትንሽ ቢቀየር ልዩነቱን የዳይቨርተር ስህተት ነው ብላችሁ ትወስዱታላችሁ። ለዚህ ጥሩው መላ የሜትሩን ፐልስ ራሱን መጠቀም ነው። «በሰከንድ ስንት ኪሎ» ከማለት «በአንድ ፐልስ ስንት ኪሎ» እያላችሁ አወዳድሩ። ሜትሩ ትክክል መሆን አይጠበቅበትም፤ በሁለቱ ሙከራዎች ላይ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ ይበቃል። ፍሰቱ ቢዋዥቅ ሜትሩም አብሮ ስለሚያየው ተጽዕኖው ይወጣል።

ሙከራውን ቢያንስ አምስት ጊዜ ድገሙት። አንዴ የተገኘ 40 ሚሊ ሰከንድ ማስረጃ አይሆንም። አምስቱም 38 እና 42 መካከል ከወደቁ ይታመናል፤ ማረም ይቻላል። አንዱ 10 አንዱ 70 ካለ ግን ማረም ሳይሆን መጠገን ነው የሚያስፈልገው። ያን ጊዜ ምላሱ ይንቀጠቀጣል፣ የአየር ግፊቱ ይዋዥቃል፣ ወይም አንድ ነገር ላልቷል።

ምክንያቱን ለማየት ስልክ ይበቃል። በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ካላችሁ አንዱ ፍሬም ከ4 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ በላይ ነው። የሴንሰሩ መብራት የሚበራበትና ምላሱ ውሃውን የሚያቋርጥበት አብረው እንዲታዩ አድርጋችሁ ቅረጹ። እኛ ሲሄድ 22 ፍሬም፣ ሲመለስ 31 ፍሬም ቆጠርን። በስሌት ያገኘነውን 40 ሚሊ ሰከንድ በዓይናችን አየነው።

እስቲ ሙሉውን ስሌት ከነቁጥሩ አሳዩን

ሜትሩ በሊትር 100 ፐልስ ይሰጣል። በ60 ሰከንዱ ሙሌት 30,105 ፐልስ ቆጠርን፤ ስለዚህ ሜትሩ 301.05 ሊትር አልፏል አለ። ሚዛኑ 300.20 ኪሎ አለ። ውሃው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፣ ዴንሲቲው በሜትር ኩብ 997.05 ኪሎ ነው።

ምንም ሳናርም ብናሰላ 300.20 ለ0.99705 ተካፍሎ 301.09 ሊትር ይሆናል። የሜትሩ ስህተት −0.01 በመቶ ነው ማለት ነው። እጅግ ጥሩ ሜትር! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፈርሞ ይሄዳል።

ግን ሁለት እርማት ቀርቷል። የመጀመሪያው የአየር ተንሳፋፊነት ነው። በአየር ውስጥ የሚመዘን ነገር ሁሉ በያዘው ቦታ ልክ አየር ስለሚገፋ ትንሽ ይቀልላል። ሚዛኑ የተስተካከለው በብረት ክብደት ነው፣ ብረት ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። ውሃ ግን ለተመሳሳይ ክብደት ስምንት እጥፍ ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ሚዛኑ ውሃውን ከእውነተኛው በ0.105 በመቶ ያህል አሳንሶ ያያል። ንባቡን በ1.00105 ማባዛት ያስፈልጋል። ይህ የአየር ዴንሲቲ በሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ሲሆን ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ነው። 0.9 ኪሎ ከሆነ እርማቱ ወደ 0.08 በመቶ ይወርዳል። ከመጽሐፍ ላይ የተገኘውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይገባም።

ሁለተኛው የዳይቨርተሩ 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ውሃው የገባው ለ60.04 ሰከንድ ነው፤ ሜትሩ የቆጠረው ግን ለ60.00 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ክብደቱን በ60.00 አባዝተን ለ60.04 እናካፍላለን።

ሁለቱንም ካረምን እውነተኛው መጠን 301.20 ሊትር ነው። የሜትሩ ስህተት −0.05 በመቶ ሆነ።

አሁን አንዱን ብቻ አርመን ሌላውን ብንተው ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ተንሳፋፊነቱን ብቻ ካረምን −0.12 በመቶ እናገኛለን። ዳይቨርተሩን ብቻ ካረምን ደግሞ +0.05 በመቶ፤ ምልክቱ ራሱ ተገለበጠ። ምንም ሳናርም ያገኘነው ያማረ ቁጥር የመጣው ሁለት ስህተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተጓተቱ ነው። አንዱ ሚዛኑን ያሳንሳል፣ ሌላው ታንኩን ይሞላል። እኔም መጀመሪያ ላይ በዚህ ውጤት ረክቼ ነበር። የነቃሁት ለሌላ ሥራ በ20 ሰከንድ ሙሌት ስደግመው ነው። ሳይታረም −0.15 በመቶ አለ። ሜትሩ ያው፣ ፍሰቱም ያው ነው። የተቀየረው የሙሌቱ ርዝመት ብቻ ነው፤ የሙሌት ርዝመት ደግሞ ሜትርን ሊቀይረው አይችልም። ሁለቱንም እርማት ስናስገባ 60 ሰከንዱም 20 ሰከንዱም −0.05 በመቶ ላይ ተገናኙ።

ሙሌቱን ማስረዘም ብቻ አይበቃም?

ይረዳል፣ ብዙ ይረዳል። 40 ሚሊ ሰከንድ በ10 ሰከንድ ውስጥ 0.4 በመቶ ነው፣ በ60 ሰከንድ ውስጥ 0.07 በመቶ ገደማ ነው፣ በ200 ሰከንድ ውስጥ 0.02 በመቶ ነው። ግን ታንኩ ገደብ አለው። በሰከንድ 5 ኪሎ፣ 500 ኪሎ የሚይዘው ታንክ በ100 ሰከንድ ይሞላል። ሜትሩን በሰከንድ 20 ኪሎ መፈተሽ ከፈለጋችሁ ያላችሁ 25 ሰከንድ ብቻ ነው። የዳይቨርተሩ ስህተት ጎልቶ የሚወጣው እንግዲህ በከፍተኛው ፍሰት ላይ ነው፣ ማስረዘም በማይቻልበት።

ስለዚህ የፍተሻ ውጤት ስታዩ ስህተቱ ፍሰቱ በጨመረ ቁጥር ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ከሄደ፣ ሜትሩን ከመውቀሳችሁ በፊት የሙሌቱን ጊዜ ተመልከቱ። አብሮ እያጠረ ከሄደ ተጠርጣሪው ዳይቨርተሩ ነው።

ሰዓቱ ራሱ አይሳሳትም?

የኤሌክትሮኒክስ ታይመር የሚሳሳተው በሚሊዮን ጥቂት ክፍል ነው። ለዚህ ሥራ እንደሌለ ይቆጠራል። የእጅ ስቶፕዎች ግን ሌላ ነገር ነው። የሰው እጅ 0.1 ወይም 0.2 ሰከንድ በቀላሉ ይሳሳታል፣ ያውም በየጊዜው እየተለያየ። ከዳይቨርተሩ ስህተት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ለሚያህል ጥራት በእጅ አይሆንም።

የሜትሬ ፐልስ ጥቂት ነው። ችግር አለው?

አለው። ቆጣሪ ሙሉ ፐልስ ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ እስከ አንድ ፐልስ ሊስት ይችላል። ከ30,000 ፐልስ አንድ ምንም አይደለም። ሜትሩ በሊትር አንድ ፐልስ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን በ300 ሊትር ውስጥ ያላችሁ 300 ፐልስ ነው። አንዱ ከ0.3 በመቶ በላይ ይሆናል።

ከቻላችሁ የሜትሩን የፐልስ ሴቲንግ ከፍ አድርጉት። ካልቻላችሁ ሁለት ታይመር ተጠቀሙ። አንደኛው የዳይቨርተሩን ጊዜ ይይዛል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሙሉ ፐልስ እስከ መጨረሻው ሙሉ ፐልስ ያለውን ጊዜ ይይዛል። በሁለቱ ጊዜ ሬሾ የፐልሱን ክፍልፋይ ታሰላላችሁ።

ውሃው ይረጫል፣ ይንጠባጠባል። ምን ያህል ልጨነቅ?

ሦስት ነገሮችን ፈትሹና አረፍ በሉ። ሦስቱም ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስዱት።

አንደኛ፣ ዳይቨርተሩ ወደ ማጠራቀሚያው ዞሮ እያለ በሙሉ ፍሰት አሂዱት። የሚዛኑ ንባብ ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም። እየጨመረ ከሄደ ውሃ በምላሱ ጠርዝ ሾልኮ ወደ ታንኩ እየገባ ነው። ሁለተኛ፣ ታንኩን ሞልታችሁ ፍሰቱን ዘግታችሁ አምስት ደቂቃ ተመልከቱት። እየቀነሰ ከሄደ የታንኩ ማፍሰሻ ቫልቭ ያንጠባጥባል። ሦስተኛ፣ በሙሌት ጊዜ ደረቅ ወረቀት በዳይቨርተሩ ዙሪያ አንጥፉ። ከረጠበ ወደ ታንኩ መግባት የነበረበት ውሃ ውጭ እየቀረ ነው።

ከምላሱ ላይ በእያንዳንዱ ሙሌት መጨረሻ የምትወርደው ጠብታ ግን አታስጨንቃችሁ። እሷም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነች በአጫጭር ሙሌቶቹ ሙከራ ውስጥ ተካትታለች። ዋናው ሚዛኑን ከማንበባችሁ በፊት ሁልጊዜ እኩል ጊዜ መጠበቅ ነው። አንዴ 20 ሰከንድ፣ አንዴ ሁለት ደቂቃ አይሁን።

በሜትሩና በዳይቨርተሩ መካከል ያለው ቧንቧ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ሜትሩ የሚለካው እዚያ ነው፣ ታንኩ የሚቀበለው እዚህ ነው። በመካከላቸው ያለው ውሃ በሙሌቱ መጀመሪያና መጨረሻ እኩል መሆን አለበት። ቧንቧው 200 ሊትር ቢይዝና ውሃው በሙሌቱ ጊዜ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በ25 ዲግሪ አካባቢ ውሃው በ50 ሚሊ ሊትር ያህል ያብጣል። ከ301 ሊትር ጋር ሲነጻጸር 0.017 በመቶ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን አጭር ሙሌት ላይ ትንሽ ሆኖ አይቀርም። መፍትሔው ቧንቧውን ማሳጠርና ሙቀቱ እስኪረጋ መጠበቅ ነው።

ከሙቀት ይልቅ የሚያስፈራው አየር ነው። በቧንቧው ከፍተኛ ቦታ ላይ የተጠራቀመ አየር ግፊቱ ሲቀየር ይጨመቃል ወይም ይለጠጣል፤ በውሃው መጠን ላይ ይጫወታል። እንዲያውም ዳይቨርተሩ ሲዞር ግፊቱ መቀየር አለመቀየሩን ለማወቅ ከኖዝሉ በፊት ያለውን ግፊት መለኪያ ተመልከቱ። ምላሱ በሚዞርበት ጊዜ ቀስቱ ቢዘል ፍሰቱ ራሱ ተናግቷል ማለት ነው። ያኔ የሴንሰር ማስተካከያ አያድነውም። ምላሱ ከኖዝሉ አፍ በጣም ቀርቦ ውሃውን መልሶ እየገፋው ሊሆን ይችላል፣ ወይም የታንኩ አየር መውጫ ጠቧል።

የዳይቨርተሩን ስህተት አንዴ ካወቅኩ ሁልጊዜ በዚያው ላርም?

አይሆንም። የውሃው ቅርጽ ከፍሰቱ ጋር ስለሚቀየር ቢያንስ በዝቅተኛው፣ በመካከለኛውና በከፍተኛው ፍሰት ለየብቻው ይለካ። በ5 ኪሎ የተገኘውን 40 ሚሊ ሰከንድ ወደ 20 ኪሎ አትውሰዱት።

ሲሊንደሩ፣ የአየር ግፊቱ፣ የአየር ፍጥነት መቆጣጠሪያው ብሎን፣ የሴንሰሩ ቦታ ወይም ኖዝሉ ከተነካ እንደገና ይለካ። እኛ በመጨረሻ ጫፍ ላይ የነበሩትን ሁለት ሴንሰሮች አውጥተን አንድ ሴንሰር የውሃው መሃል ላይ አስገባን። ስህተቱ ከ40 ወደ 6 ሚሊ ሰከንድ ወረደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ 15 ሆኖ ተገኘ፤ የሴንሰሩ ማሰሪያ በምላሱ ምት ላልቶ ተንሸራቷል። ከዚያ ወዲህ ማሰሪያው ላይና የቆመበት ብረት ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በቀለም ቀብተንበታል። መስመሩ ከተሰበረ ሴንሰሩ ተንቀሳቅሷል፣ ሙከራው ይደገማል።